ስምዎ የቦርድ ገጽ ላይ ከመታተሙ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የፕሮፋይልዎ ረቂቅ ደርሶዎታል። ከባንኩ ኮሙኒኬሽን ክፍል ወይም ባንኩ ከቀጠረው ድርጅት ነው የመጣው። «ዓመታዊ ሪፖርቱ ነገ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ ዛሬውኑ ያጽድቁልን» ይላል። ፎቶዎ ጥሩ ወጥቷል፣ ጽሑፉም ያሞካሻል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የተቆጣ ባለአክሲዮን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ይህንኑ ገጽ ቢያነብብብዎ፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በወረቀት ሊያስረዱ ይችላሉ?

ይህን የምለው የአንባቢው ዓይነት ስለተቀየረ ነው። የአማራ ባንክን አክሲዮን የገዙት ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲያቀርብ፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ ክፍያውም በቴሌብር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የቦርድ አባላትን ገጽ የሚያነበው ሰው ታዲያ ከእርስዎ ጋር ቡና የጠጣ ሰው ብቻ አይደለም። ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ ከጤፉ ሽያጭ ቆጥቦ አክሲዮን የገዛው ነጋዴም ነው። እርስዎን በአካል አያውቅዎትም፤ ገንዘቡን ለማን እንደሰጠ የሚያውቀው ከዚያች ገጽ ነው።

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አንድ ሰው በምሳሌነት እንያዝ። በ1972 ዓ.ም አምበር ተወለዱ። ከ1992 እስከ 1995 አስተማሩ። ከ1995 እስከ 2010 በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችን አብቁተ በምንለውና በኋላ ጸደይ ባንክ በሆነው ተቋም ሠሩ፤ መጀመሪያ የብድር ሠራተኛ፣ ከዚያ ቢቸና ላይ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነው። ከ2010 እስከ 2015 የአንድ ባንክ ዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አሁን የአንድ ዘይት መጭመቂያ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ለሌላ ባንክ ቦርድም ተመርጠዋል። ሰውዬው የፈጠርናቸው ናቸው፣ በስማቸው የምንጠቅሳቸው ቁጥሮችም እንዲሁ። ረቂቁ ግን እንግዳ አይሆንብዎትም፦

«አንጋፋው የፋይናንስ መሪ አቶ እገሌ በምሥራቅ ጎጃም አምበር ከተማ ተወልደው ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1998 በማኔጅመንት ተመርቀዋል። በፋይናንስ ዘርፍ ከ25 ዓመት በላይ የዳበረ ልምድ አካብተዋል። በእሳቸው አመራር የዲስትሪክቱ ተቀማጭ ገንዘብ በአራት እጥፍ አድጓል። የዓለም አቀፍ የአመራር ልህቀት ሽልማት ተሸላሚ ናቸው። ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ሲሆኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ማንበብ ይወዳሉ።»

አጭር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ማንም ይፈርምበታል። አይፈርሙ። በመጀመሪያ እነዚህን ይመልከቱ።

የትምህርት ማስረጃዎ

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ፤ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነውና።

• የተቋሙ ስም በተመረቁበት ዓመት የነበረው ስም ነው?
ልብ ይበሉ፦ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው። ስለዚህ የምሳሌያችን ሰው በ1998 ከዚያ ሊመረቁ አይችሉም፤ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ቢወስዱት ደግሞ ጭራሽ ዩኒቨርሲቲው አልነበረም። እሳቸው የተመረቁት ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ረቂቁን የጻፈው ልጅ «ጎጃሜ ናቸው፣ ማርቆስ ይሆናል» ብሎ ሞላው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። የሚጠየቀው ግን ልጁ አይደለም። ባሕር ዳርም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ የሆነው ፖሊ ቴክኒኩና መምህራን ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም ሲዋሐዱ ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀ ሰው የቀድሞውን የኮሌጅ ስም ይጻፍ።

• የትምህርቱ ስም በዲግሪው ላይ እንደተጻፈው ነው ወይስ እርስዎ እንደሚያስታውሱት?
ልብ ይበሉ፦ በጃንዋሪ 2012 እ.ኤ.አ. ስኮት ቶምፕሰን የያሁ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተሾመ። ፕሮፋይሉ ከስቶንሂል ኮሌጅ በአካውንቲንግና በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቋል ይል ነበር። ዲግሪው በአካውንቲንግ ብቻ ነበር። በሜይ ወር ዳንኤል ሎብ የተባለ ባለአክሲዮን፣ የባንክ ሒሳብ ሳይመረምር፣ ምስክር ሳይጠራ፣ ኮሌጁ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1983 መሆኑን አወጣ። ቶምፕሰን የተመረቀው በ1979 ነው። በዐሥር ቀን ገደማ ከሥራው ለቀቀ። ጉዳዩን ያከበደው ያው ዐረፍተ ነገር ኩባንያው ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ባስገባው ሰነድ ውስጥም መኖሩ ነው፤ አንዴ ፕሮፋይል ላይ የገባ ነገር እየተገለበጠ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ከእሱ በላይ የሚያስደነግጠኝ ግን የፓቲ ሃርት ነገር ነው። ሥራ አስፈጻሚውን የመረጠውን ኮሚቴ የመራች የቦርድ አባል ነበረች። የእሷ ገጽ በማርኬቲንግና በኢኮኖሚክስ ተመርቃለች ይል ነበር፤ ዲግሪዋ ግን በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ሆኖ ሁለቱ ልዩ የትኩረት መስኮቿ ነበሩ። ይህችን የምታህል ልዩነት እሷንም ከቦርዱ አስወጣቻት።

• «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» ከስምዎ ፊት ካለ በምን ወረቀት?
ልብ ይበሉ፦ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቶዎት ከሆነ «የክብር» የምትለው ቃል አትቀነስ። ጸሐፊው ለማሳጠር ብሎ ይቀንሳታል፣ እርስዎም አንብበው ዝም ካሉ የእርስዎ ውሳኔ ሆነ ማለት ነው። ውጭ አገር የተማሩ ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠዎትን የአቻ ግምት ማስረጃ ከመሳቢያ አውጥተው አጠገብዎ ያስቀምጡ። ከወራት ኦንላይን ኮርስ የተገኘን ምስክር ወረቀት ደግሞ ከታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ስም ጋር አጣብቆ «በእገሌ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል» ማለት ውሸት ባይሆንም ሊያሳስት የታሰበ ነገር ነው። ኮርሱን በስሙ፣ ቆይታውንም በሳምንት ይጻፉት፤ ያን ጊዜ ትንሽ መስሎ ከታየዎ ይሰረዝ።

ዓመተ ምሕረቱ

ሪፖርቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል። አማርኛውን ኮሙኒኬሽን ክፍሉ ይጽፋል፣ እንግሊዝኛውን ሌላ ሰው ይተረጉመዋል፣ ቁጥሩ ግን ሳይነካ እንዳለ ይሻገራል። የምሳሌያችን ሰው በ1995 ዓ.ም አብቁተ ሲገቡ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ። በእንግሊዝኛው ላይ ያው 1995 ከቀረ ግን ብድር መስጠት የጀመሩት በ15 ዓመታቸው ነው! አብቁተ ራሱ እንደ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም የተመዘገበው በ1997 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ገና ፈቃድ ያላገኘ ተቋም ውስጥ ተቀጥረዋል ማለት ነው።

• ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አድርገው እያንዳንዱን ቁጥር በእርሳስ አመሳክረዋል?
ልብ ይበሉ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ወሩን ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ሳያዩ አይለውጡ። «ተርጓሚው ያውቀዋል» ብለው አይለፉት፤ ተርጓሚው የሚከፈለው በገጽ ነው።

• «ከ25 ዓመት በላይ» የሚለው ከየት ተቆጥሮ ነው?
ልብ ይበሉ፦ በዘርፉ ከ1995 እስከ 2015 ድረስ 20 ዓመት ነው። ረቂቁ 25ን ያገኘው ከመጀመሪያው የመምህርነት ደመወዝ ጀምሮ፣ የዘይቱን ኩባንያም ጨምሮ ነው። 20 ዓመት ማንንም አያሳፍርም። ማስተማሩን ደብቆ ዓመቱን ግን መበደር ያሳፍራል።

• ክፍተት አለ?
ልብ ይበሉ፦ በዚህች አገር ሥራ የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሕመም አለ፣ ስደት አለ፣ እስር አለ፣ ተቋም ይዘጋል። ገጹ ላይ ምክንያቱን የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም። ነገር ግን የፊቱንና የኋላውን ሥራ ጎትተው ክፍተቱን አይሸፍኑት።

«በእሳቸው አመራር አደገ»

ጸሐፊዎች ይህችን ሐረግ ይወዷታል። ባለአክሲዮኑም መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት።

የምሳሌያችን ሰው ዲስትሪክቱን ሲረከቡ 3 ቅርንጫፎች ነበሩት፣ ተቀማጩም 60 ሚሊዮን ብር ነበር እንበል። ሲለቁ 12 ቅርንጫፎችና 240 ሚሊዮን ብር። አራት እጥፍ የሚለው እውነት ነው። ለአንድ ቅርንጫፍ ሲካፈል ግን በፊትም 20 ሚሊዮን፣ በኋላም 20 ሚሊዮን ነው። ያደገው የቅርንጫፍ ብዛት ነው፤ ቅርንጫፍ እንዲከፈት የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የብሩ ቁጥር እንዳለ ሆኖ የገንዘቡ አቅም እንዴት እንደሚቀንስ የቢቸናው ነጋዴ ከእኔና ከእርስዎ በተሻለ ያውቃል፤ በጤፍ ይለካዋላ።

• ዕድገቱ ከስንት ወደ ስንት፣ ከመቼ እስከ መቼ?
ልብ ይበሉ፦ «በእጥፍ» እና «በከፍተኛ ደረጃ» የሚሉ ቃላት መነሻ ከሌላቸው ይሰረዙ። የውጭ ምንዛሪ ቁጥር ካለ ደግሞ ከሐምሌ 2016 በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ሥራ በብር ሲለካ አብጦ፣ በዶላር ሲለካ ከስቶ ይታያል።

• የእርስዎ ድርሻ የቱ ነው?
ልብ ይበሉ፦ አብረው የሠሩ ሰዎች ያነቡታል። አንድ የቀድሞ ባልደረባ «እኔ ያልነበርኩ ይመስል!» ብሎ የሚቆጣበት ዐረፍተ ነገር ካለ «ከቡድናቸው ጋር» የሚል ጌጥ በመጨመር አይታከምም። የወሰኑትን ውሳኔ ነጥለው ይጻፉ።

• ያልተሳካ ነገር አንድ እንኳ አለ?
ልብ ይበሉ፦ ጸሐፊው ይህን አይጠይቅዎትም፤ የተቀጠረው ለማሳመር ነው። ከተከፈቱት 9 አዳዲስ ቅርንጫፎች 2ቱ የምሳሌያችን ሰው ከለቀቁ በኋላ አላዋጣ ብለው ከሌሎች ጋር እንዲዋሐዱ የተደረገ ከሆነ፣ ያንን በግማሽ መስመር መጻፍ የቀሩትን ሰባቱን ያስመሰክራል። ስለ ብድር የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ የተበላሸ ብድር መጠን ካልተጠቀሰ የሰጡት ብድር ብዛት ምንም አይናገርም። ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ያስቀመጠው ጣሪያ 5 በመቶ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ «ሰጥተዋል፣ ተመልሷል ወይ?» ይላል።

ሽልማቱን ማን ከፈለ?

ይህን በአጭሩ። «ለዓለም አቀፍ ሽልማት ታጭተዋል» የሚል ኢሜይል ይደርስዎታል። ውድድሩ ነጻ ነው። ክፍያው የሚመጣው በኋላ ነው፦ ለእራት ጠረጴዛው፣ ለዋንጫው፣ አርማውን ለመጠቀም ፈቃድ፣ በመጽሔታቸው ላይ ለሚወጣው ገጽ፣ ለአውሮፕላንና ለሆቴል።

• ሽልማቱን ለማግኘት እርስዎ ወይም መሥሪያ ቤትዎ ገንዘብ ከፍላችኋል?
ልብ ይበሉ፦ ከከፈላችሁ ከገጹ ይውጣ። ደረሰኙ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ ኦዲተር ያገኘዋል። ዳኞቹ እነማን እንደነበሩ፣ ከእርስዎ ጋር የተወዳደረው ማን እንደሆነ ሊነግሩዎት ካልቻሉም እንደተገዛ ይቁጠሩት።

ሰው መሆንዎ የት ላይ ይታይ?

«ማንበብ ይወዳሉ» ምንም አይደለም። ሁሉም ቦርድ ያነባል። ልጅ መውለድም የአመራር ችሎታ አይደለም። ረቂቆቹ ሰብአዊነትን እንደ ጨው መጨረሻ ላይ ነስነስ የሚያደርጉት ሥራው ውስጥ ስላላገኙት ነው፤ ያላገኙት ደግሞ እርስዎን ቁጭ አድርገው ስላልጠየቁ ነው።

የምሳሌያችንን ሰው ቁጭ አድርገን ብንጠይቃቸው እንዲህ ይሉ ነበር። አምበር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በእግር እየዞሩ ለገበሬ ቡድኖች በጋራ ዋስትና ብድር ሲሰጡ፣ መመለሻው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነበር። ያኔ ጤፉ ገና ከአውድማ መግባቱ ነው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ገበያ ስለሚያወጣው ዋጋው ይወድቃል። ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ ይሸጣል፣ ክረምት ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል፣ በዓመቱ ተመልሶ ይበደራል። ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ የመክፈያው ጊዜ ወደ ኋላ እንዲገፋ ጠየቁ። አለቆቻቸው ፈሩ፤ «ገንዘቡ ከቆየ ይበላል» ተባለ። በአንድ ቅርንጫፍ እንዲሞከር ፈቀዱላቸው፣ የዘገየውም ብድር ከመቶ 9 ወደ መቶ 4 ወረደ።

ይኸው ሥልጣን፣ ይኸው ውጤት፣ ይኸው ሰውየው። ሦስቱም አንድ ታሪክ ውስጥ ናቸው። ለብቻው የሚጻፍ «የግል ሕይወት» ክፍል አያስፈልገውም።

• ታሪኩን ሌላ ሰው ያረጋግጠዋል?
ልብ ይበሉ፦ በዚያን ጊዜ አብሮዎት የነበረ አንድ ሰው ረቂቁን ያንብብ። «እንዲህ ነበር እንዴ?» ካለ ይቀነስ። የገበሬዎቹን ስም፣ የቀበሌውን ስም አይጻፉ፤ ተበዳሪ የሆነ ሰው ዕዳው እንዲታወቅበት አልፈቀደም።

• የትውልድ ቦታ የት ይቀመጥ?
ልብ ይበሉ፦ በመጀመሪያው መስመር ላይ «አምበር ተወለዱ» ከተባለ በዚህ ዘመን አንባቢ ለሁለት ይከፈላል፦ «የእኛ ሰው» የሚልና «የእነሱ ሰው» የሚል። ሁለቱም ቀጣዩን መስመር በቅጡ አያነቡም። መጀመሪያ ኃላፊነትዎ ይምጣ። አምበር በታሪኩ ውስጥ፣ ሥራው በተሠራበት ቦታ ላይ ብትጠቀስ ግን ማንም አይከፋውም፤ የአምበር ሰው ደግሞ ያገኛታል።

• ስለ ቤተሰብዎ የተጻፈው ለማን ይጠቅማል?
ልብ ይበሉ፦ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ባለፉት ዓመታት ለቤዛ ሰው ማገት በአማራ ክልል ውስጥ ተስፋፍቷል፤ አዲስ አበባንና ጎጃምን በሚያገናኘው መንገድም መንገደኞች ታግተዋል። የልጆች ቁጥር፣ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ እናትዎ አሁንም የሚኖሩበት ሰፈር፣ በዓል ሲሆን አገር ቤት የመሄድ ልማድዎ፣ ያለዎት ሕንጻና መኪና፦ ይህ ሁሉ «ለአንባቢ ቅርበት ይፈጥራል» ተብሎ ይጠየቅዎታል። ለኮሙኒኬሽን ክፍሉ ቅርበት ነው፤ ለሌላ ሰው አድራሻ ነው። ፎቶውንም ይመልከቱ፤ ከጀርባዎ የቤትዎ በር ወይም የመኪና ታርጋ አለ?

ተቆጣጣሪው ዘንድ ያለው ወረቀት

• ብሔራዊ ባንክ ዕውቅና ከመስጠቱ በፊት «የቦርድ አባል» ተብለዋል?
ልብ ይበሉ፦ በጠቅላላ ጉባኤ መመረጥ ብቻውን የባንክ ቦርድ ላይ አያስቀምጥም። ማጽደቁ ሳይመጣ የታተመ ገጽ ማጽደቁ የቀረ ዕለት መሳቂያ ያደርግዎታል። ማተሚያ ቤቱ ከቸኮለ ስምዎ ለጊዜው ይቅር።

• ለተቆጣጣሪው ከፈረሙበት ቅጽ ጋር ይስማማል?
ልብ ይበሉ፦ ቅጹን የሞሉት ከወራት በፊት ነው፣ ፕሮፋይሉን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የሥራ መደብ ስም እንኳ ቢለያይ፣ ለምሳሌ አንዱ ላይ «ተወካይ ሥራ አስኪያጅ» ሌላው ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ቢል፣ ጠያቂ ያበጃል። ባንኩ አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥ ፕሮስፔክተስ ሲያወጣ ደግሞ ይህችው ገጽ ልትገለበጥ ትችላለች። ያኔ ማስታወቂያ መሆኗ ይቀርና ሰው ገንዘብ ያወጣባት ሰነድ ትሆናለች።

• አሁን ያለዎት ሌላ ሥራ ተጽፏል?
ልብ ይበሉ፦ የዘይት ኩባንያው ከዚሁ ባንክ ብድር አለው? ካለው፣ ገጹ ላይ የኩባንያውን ስም «ለማሳጠር» መተው የሚያተርፈው ጥርጣሬ ነው። «ገለልተኛ» የሚል ቃል ከተጻፈልዎም እንደ ሙገሳ አይቀበሉት፤ ከባለአክሲዮንና ከተበዳሪ ጋር ስላለ ግንኙነት የሚናገር ቃል ነው፣ ሊጠየቁበት ይችላሉ።

ከጸሐፊው ጋር ሲዋዋሉ

ባንኩ የራሱ ጸሐፊ ከሌለው ወይም እርስዎ በግልዎ ሰው ከቀጠሩ፣ በቃል የተነገረው ዋጋ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የመጨረሻው የሚሆነው። እነዚህን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ አይነግሩዎትም።

• ዋጋው ስንት ዙር ማስተካከያ ይይዛል? እንግሊዝኛው ለብቻው ይከፈላል? 60 ቃል የሚሆነው አጭሩ ቅጂስ?
• ሊያናግሩዎት ይቀመጣሉ ወይስ ሲቪዎን ብቻ ይጠይቃሉ? ሲቪ ብቻ ከሆነ የሚገዙት ቅጽል ነው።
• የፎቶው ዋና ፋይል ይሰጥዎታል? ለሌላ ሕትመት ሲፈልጉ እንደገና ይከፍላሉ?
• በረቂቁ ላይ ያለ ቁጥር ስህተት ሆኖ ቢገኝ እርማቱን የሚያሳትመው ማን ነው? በጽሑፍ ይሁን።
• «እናሰራጭልዎታለን» ካሉ የት የት? የሚከፈልበት የመጽሔት ገጽ ከሆነ «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ይኖረዋል?

ከተጣራ በኋላ

አሁን የምሳሌያችን ሰው ገጽ እንዲህ ይሆናል፦

«አቶ እገሌ የባንኩ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባልና የብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በዋና ሥራቸው አንድ የዘይት መጭመቂያ ኩባንያ ይመራሉ፤ ኩባንያው ከባንኩ ብድር የለውም። ለ20 ዓመት በብድርና ቁጠባ ሥራ ላይ ቆይተዋል። በአብቁተ የብድር ሠራተኛ ሆነው አምበር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በእግር ሲዞሩ፣ ገበሬው ጤፉን በርካሽ ሸጦ ዕዳ ሲከፍል አይተዋል። የቢቸና ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ የመክፈያው ወር ከምርት መግቢያው እንዲርቅ አደረጉ፤ የቅርንጫፉ የዘገየ ብድርም ከመቶ 9 ወደ መቶ 4 ወረደ። በኋላም በባንክ ዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅነታቸው 9 አዳዲስ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል፤ 2ቱ ስላላዋጡ እሳቸው ከለቀቁ በኋላ ከሌሎች ጋር ተዋሕደዋል። አብቁተ ከመግባታቸው በፊት መምህር ነበሩ። በ1998 ዓ.ም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቀዋል።»

«አንጋፋ» የለም፣ «የዳበረ» የለም፣ ሽልማቱ ወጥቷል፣ ልጆቹ ወጥተዋል። አራት እጥፉም ወጥቷል፤ ቅር ካላቸው የቅርንጫፍ ድርሻውን ይዘው ይምጡ። ሌላም ነገር ያስተውሉ፦ በአማርኛ የአክብሮት ግሥ ሁሉን ዐረፍተ ነገር በ«አገልግለዋል፣ መርተዋል፣ አበርክተዋል» ስለሚዘጋ ገጹ የቀብር ላይ ንባብ ይመስላል። ረቂቅዎን ጮክ ብለው ያንብቡት። ሦስት «ዋል» በተከታታይ ከሰሙ አንዱ ዐረፍተ ነገር ስለ ሥራው ይናገር፤ «ብድሩ ወረደ»፣ «ቅርንጫፎቹ ተከፈቱ» ይበል።

ሲያጸድቁም በስልክ «ይሁን» አይበሉ። በሁለቱም ቋንቋ በመጨረሻው ቅጂ ላይ ቀን ጽፈው ይፈርሙ፣ አንዱን ቅጂ ከዲግሪዎና ከሥራ ልምድ ደብዳቤዎችዎ ጋር ያኑሩ። የቦርድ ዘመንዎ ሲያልቅም ገጹ በማግስቱ እንዲነሣ ደብዳቤ ይጻፉ። በለቀቁበት ባንክ ገጽ ላይ ፎቶዎ ከቀረ፣ እርስዎ በሌሉበት ስለተሰጠ ብድር ሰው የሚደውለው ለእርስዎ ነው።